ሁለቱን ሳስተዋውቅ

ባለቤቴ ሳይጠይቅ ሰው ከሰው አያስተዋውቅም ነበር። መሐንዲስ ነበር። ቦሌ ትንሽ ቢሮ ነበረው፤ ምሰሶው ምን ያህል ይወፍር፣ ወለሉ ምን ያህል ይሸከም እያለ ሲያሰላ የሚውልበት። ሰዎች ግን ከስሌቱ ይልቅ የሚያውቃቸውን ባለሙያዎች ይፈልጉ ነበር። «ከእገሌ ጋር በኢሜይል አገናኘኝ» ይሉታል። እሱም «እሺ፣ መጀመሪያ ልጠይቀው» ይላል። ይህን ሲሰማ የማይከፋው ጥቂት ነው። «ምን ትጠይቀዋለህ? ሚስት እያጨህልኝ ነው እንዴ? አድራሻውን ብቻ ወዲህ በል» ያለው ሰው እንደነበር እየሳቀ ነግሮኛል።

ልማዱ የመጣው ከራሱ ቁስል ነው። ሥራ በጀመረ ሰሞን አንድ የሚያውቀው ሰው ሳያማክረው ከአንድ ቤት ሠሪ ባለሀብት ጋር በአንድ ደብዳቤ አገናኘው። «ተዋወቁ፣ ደስ ብሎት ይረዳዎታል» ይላል ደብዳቤው፤ የሁለቱም አድራሻ ከላይ ተደርድሯል። ባለሀብቱ እያየ እንዴት እምቢ ይበል? ያን ክረምት በሙሉ በማያገባው ጭቃ ውስጥ ሲመላለስ ከረመ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ አንድ ሆነ። በመጀመሪያ ለሚፈለገው ሰው ለብቻው ይጽፋል፤ ማን እንደሚፈልገው፣ ለምን፣ ምን ያህል ጊዜውን እንደሚወስድበት። ሰውየው እሺ ሲል ወደ ጠያቂው ተመልሶ ያን ይነግረዋል። ከዚህ በኋላ ነው ለሁለቱም አንድ ደብዳቤ የሚልከው። ሰውየው እምቢ ካለ ደግሞ ጠያቂው የሚሰማው «አሁን አልተመቸም» የሚለውን ብቻ ነው። ማን ምን እንዳለ፣ ለምን እንዳለ ከእሱ ጋር ይቀራል።

እኔንም ያገባኝ እንዲሁ ነው። ከኳየር ልምምድ ስንወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቁሞ ጠየቀኝና፣ «እምቢ ብትዪኝም ምክንያቱን አልጠይቅሽም» አለኝ። ተናደድኩ። «ትንሽ እንኳ አትከራከርም?» አልኩት። «አልከራከርም» አለ። እሺ ያልኩት በንዴት ይሁን በፍቅር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን እንደ ቀለበቴ ነበር የምቆጥራት። ለእኔ ብቻ የተሠራች ትመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ሞተ። ስለ ሞቱ እዚህ አልጽፍም፤ ገና አልደረስኩበትም። ሥራዬ ትርጉም ነው፤ የሌላ ሰው ቃል ቶሎ እገለብጣለሁ፤ የራሴን ስጽፍ ግን እጄ ይዘገያል።

ስለ ሁለት ሰዎች ግን መጻፍ እችላለሁ። አንደኛው የአፈር ባለሙያ ናቸው፤ በዕድሜ ከባለቤቴ የሚበልጡ፣ መምህሩም ጓደኛውም የነበሩ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። አንድ ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት መሬቱ ይቆፈርና ከሥሩ ያለው አፈር ይመረመራል፤ ያን ውጤት አንብቦ መሠረቱ እንዴት ይሁን የሚል እንደ እሳቸው ያለ ሰው ነው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ የቢሮ ስልካቸውን ዘግተዋል፤ ለማያውቁት ሰው መልስ አይሰጡም። በቀብሩ ቀን ሰው ሁሉ የማይረባ ነገር ሲነግረኝ እሳቸው ጉድጓዱን ጎንበስ ብለው አይተው፣ «ቀይ አፈር ነው። ጥሩ ነው። አይንቀሳቀስም» አሉኝ። ያን ሳምንት ያጽናናኝ ቃል እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ከቦሌ ሚካኤል በሚኒባስ ተጭነው ሲኤምሲ ቤቴ ይመጣሉ። ፓፓያ ወይም አቮካዶ ይዘው፣ ጉልበታቸውን እየረገሙ ደረጃውን ይወጣሉ። ባለቤቴ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ አይቀመጡም፤ ትይዩው ነው የሚቀመጡት። ከዚያ ስለ እሱ እናወራለን። ልጆቻችን ስለ አባታቸው ሲነሳ ያለቅሱና ወሬው ይቋረጣል፤ ጎረቤት ደግሞ «ይበቃሻል» ይላል። ጋሼ ብቻ ናቸው እንደ ሕያው ሰው የሚያሙልኝ። «ግትር ነበር እኮ!» ይላሉ። «አዎ፣ ግትር ነበር» እላለሁ፤ በጣም ደስ ይለኛል። የሳምንቱ ሌላው ቀን ሁሉ ወደ ቅዳሜ የሚወስድ መንገድ ሆነብኝ።

ሁለተኛዋ አርክቴክት ናት። ከባለቤቴ ጋር ለዓመታት ሠርታለች፤ ሕንፃውን እሷ ትነድፋለች፣ እሱ እንዲቆም ያደርጋል። እቤት ስሟ ሲነሳ እሰማ ነበር፤ አንድ ሁለቴም ሰላም ተባብለናል። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነው በደንብ ያየኋት። ከኋላ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ አለቀሰች። እኔ ያን ጊዜ እንባዬ ደርቆ ነበር። አጠገቤ የነበረች ጎረቤቴ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት፣ «ይቺ ደግሞ ማናት? ካንቺ በላይ አለቀሰች እኮ» አለችኝ። ዝም አልኳት። ቃሏ ግን ውስጤ ገብቶ ተቀመጠ።

ሰው ጠዋት ከቤት ወጥቶ ማታ ይመለሳል። እኔ ማታውን ነበረኝ። ደክሞት፣ ጫማውን አውልቆ፣ ዜና እያየ የሚያንቀላፋውን ሰው። ቀኑን ግን ይቺ ሴት ነበረች የምታውቀው። ምሳ ምን እንደሚበላ፣ በምን እንደሚስቅ፣ ስሌቱ አልወጣ ሲለው ምን እንደሚል። በባሌ ላይ ክፉ አላሰብኩም፤ ምንም የማስብበት ነገር አልነበረም። የቀናሁት በቀኑ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ቀኑን የወሰደችው እሷ ናት።

ታዲያ የካቲት ላይ ኢሜይል ጻፈችልኝ። በአማርኛ ነበር፤ ባለሙያዎቻችን በእንግሊዝኛ ነው የሚጻጻፉት፤ እሷ ግን በአማርኛ፣ «እርስዎ» እያለች። ቦሌ ቡልቡላ ላይ አንድ ትንሽ የእናቶች ክሊኒክ ይሠራል፤ ባለቤቴ ሳይጨርሰው የሞተው የመጨረሻ ሥራው ነው። ቦታው ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ፀሐይ ሲመታው የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር። የአፈሩ ምርመራ ወጥቷል፤ ነገር ግን ባለቤቴ «ውጤቱን አንድ ሰው ሳያነበው መሠረት አይጀመርም» ብሎ ነበር። አንድ ሰው ያለው ጋሼን ነው። አሠሪዎቹ ክረምት ሳይገባ እንዲጀመር ይፈልጋሉ፤ ካልሆነ ሥራውን ለሌላ ይሰጣሉ፣ ያም ሌላ እንደ አዲስ ከራሱ ይጀምራል፤ የባለቤቴ ሥራ ይጣላል ማለት ነው።

«በለቅሶው ላይ አጠገብዎ ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ» ትላለች። «በለቅሶ ላይ ሥራ አይነሳምና አልቀረብኳቸውም። አድራሻቸውን አልጠይቅዎትም። ፈቃደኛ ከሆኑ ብቻ እንዲያስተዋውቁኝ ነው። ሊያስተላልፉላቸው የሚችሉትን ከታች በአጭሩ ጽፌያለሁ።» በእርግጥም ከታች ብቻውን የቆመ አንቀጽ ነበር፤ ማን እንደሆነች፣ ምን እንደምትፈልግ፣ አንድ ሰነድ ማንበብና የአንድ ጠዋት ውይይት ብቻ እንደሆነ። እኔ አንዲት ቃል ሳልጨምር የምልከው እንዲሆን አድርጋ ነው ያዘጋጀችው። ባለቤቴ ለጠያቂዎቹ «ጽፈህ ስጠኝ፣ እኔ አላስውብልህም» ይላቸው የነበረው ዓይነት ነው።

መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «እምቢ ቢሉም ምክንያቱን አልጠይቅም።»

ኮምፒዩተሩን ዘጋሁት። ተነሥቼ ምንም ያልቆሸሸ ብርጭቆ አጠብኩ። ያቺ ቃል የእኔ ነበረች! ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያገኘኋት። ለካ ቢሮ ይዟት ሄዷል፤ ለሥራ ባልደረባው አስተምሯታል፤ እሷም እንደ ማንኛውም የቢሮ ዕቃ ትጠቀምባታለች።

ሁለት ቀን አልመለስኩላትም። ደጋግሜ ያሰብኩት ስለ ክሊኒኩ አልነበረም፤ ስለ ቅዳሜ ነበር። ጋሼ አንዴ ወደ ቡልቡላ ከሄዱ የሚያወሩት ከእሷ ጋር ነው። እኔ የማላውቀውን ቀን ለእሳቸው ትነግራቸዋለች፤ እሳቸው ከእኔ ጋር ብቻ የሚያሙትን ሰው ከእሷ ጋር ያሙታል። እኔ ፓፓያ ይዤ እቀራለሁ።

አለመላክ ግን አልቻልኩም። እሱ የሰውን ጥያቄ ሳያደርስ ውጦ አስቀርቶ አያውቅም። ስለዚህ እንደ ሥርዓቱ ጋሼን ለብቻቸው ጠየቅኋቸው። አንቀጿን እንዳለ አስገባሁ፤ አድራሻቸውን እንዳልሰጠሁ ነገርኳቸው። ከዚያ በራሴ ጥቂት ጨመርኩ። ጡረታ ላይ መሆናቸውን። ጉልበታቸውን። የቡልቡላ መንገድ አቧራ መሆኑን። እምቢ ቢሉ እኔ በጨዋ ቃል እንደምመልስላቸው። ማንም እንደማይቀየማቸው፣ ዕረፍት ለሰው ልጅ የተገባ መሆኑን ሁሉ።

በዚያው ቅዳሜ መጡ። አቮካዶውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሳይቀመጡ ስልካቸውን አወጡና ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዙት።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥያቄ ነዋ ጋሼ።»

«ጥያቄ? እምቢ እንድል ልመና ነው እንጂ! ጉልበቴ ምን አገባው እዚህ ውስጥ? አፈር የማነበው በጉልበቴ ነው?»

«እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።»

«ባልሽም ይጠይቀኝ ነበር። ሁለት በር ከፍቶ ነበር የሚጠይቀኝ፣ የእሺና የእምቢ። አንቺ የእምቢውን ከፍተሽ፣ በእሺው በር ላይ ሶፋ ደርድረሽበታል።»

ሳቅ አመለጠኝ። ከዚያ ሳቁ ተለወጠብኝና ፊቴን አዞርኩ። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ትይዩው ላይ። አቮካዶውን መላጥ ጀመሩ፤ መላጥ አይችሉበትም፣ ግማሹን ከልጣጩ ጋር ይጥሉታል።

«ልጅቷን አትወጂያትም?» አሉኝ።

«አላውቃትም።»

«እንግዲያው ማንን ነው የምትከለክዪው? እሷን ነው እኔን?»

ያለኝ መልስ የሚነገር አልነበረም። ሽማግሌ ሰው ፊት ተቀምጦ «ቅዳሜዬን እንዳትወስድብኝ» ይባላል?

ጋሼ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ባልሽ ሁለቱን ወገን ይጠይቅ ነበር። መሐል ያለው ሰው ይፈልግ እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቅም። እኔ ልጠይቅሽ። ልታስተዋውቂን ትፈቅጃለሽ? አልፈቅድም ካልሽ ‹ጉልበቴን አሞኛል› ብዬ እጽፍልሻለሁ። ውሸትም አይሆንም፣ ያመኛል።»

ከልብ መሆኑን ከፊታቸው አየሁ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃኝ። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የባለቤቴን ፎቶ አላየሁም፤ ወንበሩን ነበር የማየው። ያ ክሊኒክ ለሌላ ሰው ቢሰጥና ስሌቱ ቢጣል፣ ከእሱ ቀን የሚቀር አንድ ነገር ነበር፣ እሱም ይጠፋል። ለእኔም ለእሷም።

«እፈቅዳለሁ» አልኩ። ድምፄ ግን አልፈቀደም ነበር፤ ሰምተውታል።

«እሺ። ግን ፊርማዬን አላኖርም፤ ጡረተኛ ነኝ። አንብቤ የሚመስለኝን እነግራታለሁ፤ የሚፈርም ሰው ራሷ ትፈልግ። ይሄን አስቀድመሽ ንገሪያት።»

ነገርኳት። «እሺ ብለዋል፤ ነገር ግን በፊርማቸው ኃላፊነት አይወስዱም። እርስዎ በዚህ ይስማማሉ?» ብዬ ጻፍኩላት። ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ መልሷ መጣ። «በደስታ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅግ አመሰግናለሁ።» ፍጥነቷ ራሱ አስቀናኝ።

ከዚያ የማስተዋወቂያው ደብዳቤ ቀረ። ሁለት መስመር ነው፤ ጠዋቱን ሙሉ ፈጀብኝ። ጋሼን ማስተዋወቅ ቀላል ነበር። እሷን ግን ምን ልበላት? «የባለቤቴ ባልደረባ» ጻፍኩ፤ አጠፋሁት፤ የቢሮ ጠረጴዛ መሰለ። «የባለቤቴ ወዳጅ» ብዬ አየሁት፤ እሱን ደግሞ በፍጥነት አጠፋሁት። በመጨረሻ እውነቱን ጻፍኩ፦ «ከባለቤቴ ጋር ብዙ ሕንፃ የሠራች አርክቴክት ናት።» ብዙ ሕንፃ። እኔ ከእሱ ጋር የሠራሁት አንድ ቤት ነው። የሁለቱንም አድራሻ ከላይ አስገባሁና ላክሁት።

እሷ ወዲያው መለሰች። ሰላምታዋን ለጋሼ አቀረበችና ከሥሩ ለእኔ አንድ መስመር ጨመረች፦ «እርስዎን ከልብ አመሰግናለሁ። የመልእክት ሳጥንዎ በእኛ ጉዳይ እንዳይጨናነቅ ወደ ስውር ግልባጭ (Bcc) አውጥቼዎታለሁ።»

ሥርዓቱ ይህ ነው። አገናኙ ሥራውን ጨርሷል፤ ሌሎቹ ስለ ቀጠሮና ስለ ሰነድ ሲጻጻፉ ስሙ ከላይ ተነሥቶ፣ ያቺን አንዲት መልስ ብቻ ተደብቆ ያያል፤ ከዚያ በኋላ ምንም አይደርሰውም። ባለቤቴ ይህን የሚያደርግለትን ሰው ያመሰግን ነበር፤ «ጨዋ ሰው ነው፣ ነፃ አወጣኝ» ይል ነበር። እኔ ግን «በእኛ ጉዳይ» የምትለውን ደጋግሜ አነበብኳት። እኛ ማን ነው? አሁን ተዋወቁ፤ አሁኑኑ እኛ ሆኑ፤ እኔም ወጣሁ። ያስወጡኝ ደግሞ በምስጋና ስለሆነ ማንን እቆጣለሁ?

ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። የምተረጉመው አንድ ረጅም የጤና ጽሑፍ ነበረኝ፤ በየገጹ መሐል ሳጥኔን እከፍታለሁ። የመብራት ቆጣሪ ማስታወቂያ፣ የባንክ ማስታወቂያ። በቡልቡላ ስለሚሆነው አንዲት ቃል የለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፓፓያ ራሴ ገዝቼ ጠበቅሁ። ስልኬ ጮኸ።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ቡልቡላ ነኝ» አሉ ጋሼ። ነፋስ ስልኩ ውስጥ ይነፍሳል። «ጉድጓድ አስቆፍረን እያየን ነው። ዋልካው እንዴት ያለ ዋልካ መሰለሽ! ባልሽ ትክክል ነበር፣ ግትሩ!»

ከኋላቸው የሴት ሳቅ ተሰማኝ። «ግትሩ» የሚለው ቃል ነበር ያሳቃት። እኔን የሚያስቀኝ ቃል።

«ጥሩ ነው ጋሼ» አልኩና ዘጋሁት። ፓፓያውን አልቆረጥኩትም፤ ሰኞ ለጥበቃው ሰጠሁት።

ሌላ ሳምንት አለፈ። ሰው በሙት ይቀናል እንዴ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ያጣሁትን ሰው ማን የበለጠ አጣው ብዬ እየተካፈልኩ ነበር፣ እንደ ርስት። ማወቄ ግን አላቀለለውም። መቅናት እያወቁትም አይተውም።

ከዚያ ቅዳሜ ደረሰ፤ ጋሼ ደረጃውን ሲወጡ ሰማኋቸው፤ ጉልበታቸውን ሲረግሙ። ጫማቸው ጥቁር ጭቃ ነበር፤ በሩ ላይ አውልቀው በካልሲ ገቡ። ውጤቱን አንብበዋል፤ ባለቤቴ ያሰበው መሠረት እንዳለ ይሠራል፣ ትንሽ ጠለቅ ይላል ብቻ። የሚፈርም መሐንዲስም አግኝታለች። ሥራው ይቀጥላል። ይህን ሁሉ እየነገሩኝ ያመጡትን አቮካዶ መላጥ ጀመሩ።

«አንድ ሰው ሊያገኝሽ ይፈልጋል» አሉኝ። «አድራሻሽ አለው፤ ግን መጀመሪያ ጠይቁልኝ ብሎኛል።»

«ማን?»

«ልጅቷ ናት። ልትጠይቅሽ ትፈልጋለች፤ እዚህ ቤት። ከለቅሶው ወዲህ ያልመጣችው፣ ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሴት ‹ካንቺ በላይ አለቀሰች› ስትልሽ ሰምታ ነው። አንቺም ‹ተይ› ስትያት አልሰማችም። ከዚያ ወዲህ ‹የምቀርባቸው መብት ያለኝ አይመስለኝም› ብላ ነው የቀረችው።»

ወንበሩን ተደግፌ ቆምኩ። ያን ቃል የሰማሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። እኔ በቀኑ ስቀና፣ እሷ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሬን ስትፈራ ከርማለች። አዘንኩላት። ቅናቴ ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣም፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይሰማል።

«‹እምቢ ቢሉም ምክንያቱን አልጠይቅም› ብላለች» አሉ ጋሼ፣ እንደ መልእክተኛ ቃሉን ሳይቀንሱ።

አቮካዶውን ከእጃቸው ወስጄ ራሴ መላጥ ጀመርኩ።

«ትምጣ» አልኩ። «ማክሰኞም ትምጣ፣ ሐሙስም ትምጣ። ቅዳሜ ግን አይሆንም።»

«ቅዳሜ ለምን አይሆንም?»

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ምክንያት አይጠየቅም።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ሳህናቸውን ወደ እኔ ገፉት።